የወንዱ ዘር እንቁላሉን ይጠብቃል፤ እንቁላሉ ግን አይጠብቅም

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ። 27 ዓመቴ ነው፤ ፍኖተ ሰላም ነው የምኖረው፣ ባለቤቴ ደግሞ ባሕር ዳር ይሠራል። ልጅ ፈልገን አራት ወር ሞከርን፣ አልሆነም። ከታጠብኩበት ቀን ቆጥሬ በ14ኛው ቀን እጠራዋለሁ፤ አንድ ሌሊት አድሮ ይመለሳል። ዘሩ እንዲጠራቀም ብለን እስከዚያ አንገናኝም። ረቡዕና አርብም እንጾማለን። የወር አበባዬ የመጣው መስከረም 4፣ ጥቅምት 5፣ ኅዳር 9 እና ታኅሣሥ 9 ነበር፤ አሁን ደግሞ ጥር 12 መጣ። አምስት ቀን ይፈሰኛል። ጓደኛዬ ‹እንቁላሉ ከመውጣቱ በፊት ነው የሚረገዘው› ትለኛለች። ገና ያልወጣ እንቁላል እንዴት ይረገዛል? ከወጣ በኋላ አይሻልም?»

ምላሽ፦

እህቴ፣ ጓደኛሽ የነገረችሽ ትክክል ነው። ያልወጣ እንቁላል እንደማይረገዝ ማሰብሽም ትክክል ነው። የሁለታችሁን ሐሳብ የሚያስታርቀው አንድ ነገር አለ፤ ግንኙነት የተደረገበት ቀንና ፅንስ የሚፈጠርበት ቀን የግድ አንድ አይደሉም። በመካከላቸው ሁለት፣ ሦስት፣ እንዲያም ሲል አምስት ቀን ሊኖር ይችላል። ሰኞ ማታ የተደረገ ግንኙነት ሐሙስ ፅንስ ሊሆን ይችላል።

ይህ የሚሆነው የእንቁላሉና የወንዱ ዘር ዕድሜ ስለሚለያይ ነው። እንቁላል ከኦቫሪ ከወጣ በኋላ ለመፀነስ ብቁ ሆኖ የሚቆየው ከ12 እስከ 24 ሰዓት ቢሆን ነው። ከዚያ በኋላ ይሟሟል፤ እስከሚቀጥለው ዑደት ድረስ ሌላ አይወጣም። የወንዱ ዘር ግን ተስማሚ ፈሳሽ ካገኘ በሴቷ አካል ውስጥ ሦስት ቀን፣ አንዳንዴም እስከ አምስት ቀን በሕይወት ይቆያል። ስለዚህ ቀድሞ ገብቶ መጠበቅ የሚችለው ዘሩ ነው። እንቁላሉ መጠበቅ አይችልም።

እንቁላሉ ሲወጣ በማህፀን ቱቦ ጫፍ ያሉት ጣት መሰል ዘርፎች ጠርገው ወደ ቱቦው ያስገቡታል። ከዘሩ ጋር የሚገናኘው እዚያው ሰፋ ባለው የቱቦው ክፍል ነው፤ ማህፀን ውስጥ አይደለም። አዲስ የገባ ዘር ደግሞ ወዲያው እንቁላል መብሳት አይችልም። በሴቷ አካል ውስጥ ጥቂት ሰዓታት ቆይቶ ራሱ ላይ ያለው ሽፋን መላላት፣ የጅራቱም እንቅስቃሴ መለወጥ አለበት። እንቁላሉ ከወጣ በኋላ የተደረገ ግንኙነት እነዚህን ሰዓታት የሚያጠፋው ከእንቁላሉ አጭር ዕድሜ ላይ ነው። ቀድሞ የገባው ግን ዝግጅቱን ጨርሶ፣ ከፊሉ ቱቦው ውስጥ ከፊሉም የማህፀን በር ግድግዳ ላይ ባሉት ጥቃቅን እጥፋቶች ውስጥ ተቀምጦ በየጊዜው ጥቂት ጥቂት እየሆነ ወደ ላይ ይጓዛል።

ሁለተኛውን ምክንያት ብዙ ሰው አያውቀውም፣ እኔ ግን ከመጀመሪያው አላሳንሰውም። የማህፀን በር ወሩን ሙሉ ለዘር ክፍት አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ ወፍራምና ተጣባቂ ፈሳሽ ደፍኖታል። ከበሩ በታች ያለው ብልት ደግሞ አሲዳማ ስለሆነ እዚያ የቀረ ዘር በሰዓታት ውስጥ ይሞታል። እንቁላሉ ሊወጣ ጥቂት ቀን ሲቀረው እንቁላሉን ያቀፈው ከረጢት እያደገ ኢስትሮጅን የተባለውን ሆርሞን በብዛት ያመነጫል። በዚህ ጊዜ የበሩ ፈሳሽ ይበዛል፣ ይቀጥናል፣ አሲዱንም ያበርዳል፤ ዘሩ የሚዋኝበት መንገድ ይከፈታል። እንቁላሉ እንደወጣ ግን ያው ከረጢት ፕሮጄስትሮን ማመንጨት ይጀምራል፤ ይህ ሆርሞን በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ፈሳሹን መልሶ ያወፍረዋል። እንግዲህ «ከወጣ በኋላ» የሚሞክር ሰው ሁለት ችግር በአንድ ጊዜ ይገጥመዋል፤ እንቁላሉ እየሞተ ነው፣ በሩም እየተዘጋ ነው።

ይህ በቁጥርም ታይቷል። በ1995 እ.ኤ.አ. በወጣ ጥናት አሜሪካ ሰሜን ካሮላይና ውስጥ ለማርገዝ የሚሞክሩ 221 ሴቶች በየቀኑ ሽንት እየሰጡና ግንኙነት ያደረጉበትን ቀን እየመዘገቡ ተከታትለዋቸው ነበር። እርግዝና የተገኘው እንቁላሉ በወጣበት ቀን ከሚያበቁት ስድስት ቀናት ብቻ ነው። እንቁላሉ ሊወጣ አምስት ቀን ሲቀረው የተደረገ ግንኙነት ዕድሉ ከ100 ውስጥ 10 ገደማ ነበር፤ እየተቃረበ ሲሄድ ከፍ እያለ ሄዶ መጨረሻዎቹ ቀናት ላይ ከ100 ውስጥ 33 ገደማ ደረሰ። ከወጣ ማግስት ጀምሮ ግን አንድም አልተገኘም። በአጠቃላይ ምርጦቹ እንቁላሉ ሊወጣ ሁለት ቀን የቀረው፣ አንድ ቀን የቀረውና የሚወጣበት ቀን ናቸው። አንድ ነገር ልብ በይ፤ በትክክለኛው ቀን እንኳ ከሦስት ሙከራ ሁለቱ እርግዝና አያመጣም። አንድ ወር አለመሆኑ የሕመም ምልክት አይደለም።

አሁን ወደ አንቺ ቀኖች እንምጣ፤ ችግሩ እዚህ ላይ በግልጽ ይታያል።

የዑደት አንደኛ ቀን ደም የታየበት ቀን ነው። ከታጠብሽበት ቀን መቁጠር በሀገራችን የተለመደ ስሕተት ነው። አምስት ቀን ፈሶሽ በስድስተኛው ስትታጠቢ፣ ያንቺ «14ኛ ቀን» በእውነቱ 19ኛው ቀን ነው። ደግሞም 14ኛው ቀን ራሱ ለሁሉም ሴት የተሰጠ ቀን አይደለም፤ የሚሠራው ዑደቷ 28 ቀን ለሆነ ሴት ነው። የዑደት ርዝመት ሲለያይ በአብዛኛው የሚረዝመውና የሚያጥረው እንቁላሉ ከመውጣቱ በፊት ያለው ክፍል ነው። ከወጣ በኋላ እስከሚቀጥለው ወር አበባ ያለው በብዙ ሴቶች 14 ቀን ገደማ ነው። ስለዚህ እንቁላሉ የወጣበትን ቀን ለመገመት ከዑደቱ ርዝመት ላይ 14 ይቀነሳል።

ያንቺ ዑደቶች በቅደም ተከተል 31፣ 34፣ 30 እና 33 ቀን ናቸው። 14 ስንቀንስ እንቁላሉ የወጣው በ17ኛው፣ በ20ኛው፣ በ16ኛውና በ19ኛው ቀን አካባቢ ነው። በቀን መቁጠሪያ ሲቀመጥ መስከረም 20፣ ጥቅምት 24፣ ኅዳር 24 እና ታኅሣሥ 27 ይሆናል። ባለቤትሽ የመጣው ደግሞ ሁልጊዜ በ19ኛው ቀን፣ ማለትም መስከረም 22፣ ጥቅምት 23፣ ኅዳር 27 እና ታኅሣሥ 27 ነው። የመስከረሙ ሁለት ቀን፣ የኅዳሩ ሦስት ቀን ዘግይቷል፤ በሁለቱ ወራት ምንም ዕድል አልነበረም ማለት ይቻላል። የጥቅምቱ ጥሩ ቀን ላይ ወድቋል። የታኅሣሡ ዳር ላይ ነው፤ እንቁላሉ ጠዋት ወጥቶ እሱ ማታ ደርሶ ከሆነ ብዙው ጊዜ አልፏል። ግምቱ የአንድ ወይም የሁለት ቀን ስሕተት እንደሚኖረው አትርሺ። እንዲያም ሆኖ አራት ወር ሞከርን ያላችሁት በእውነቱ አንድ፣ ቢበዛ ሁለት ሙከራ ነው።

ዘር ይጠራቀም ብላችሁ መቆየታችሁም አልጠቀማችሁም። ከአምስት ቀን በላይ ሲቆይ ቁጥሩ ቢጨምርም አሮጌውና የማይንቀሳቀሰው ይበዛል። ጤነኛ ወንድ በየቀኑም ሆነ አንድ ቀን እየዘለለ ቢገናኝ ዘሩ ለማስረገዝ አያንስም። ከሁሉ የባሰው ጉዳት ደግሞ ሌላ ነው፤ ሁሉን በአንድ ሌሊት ላይ ጥላችሁ ያ ሌሊት ሲስት ወሩ በሙሉ ይስታል።

ለዚህ ዑደት ስሌቱ እንዲህ ነው። አንደኛ ቀንሽ ጥር 12 ነው። ካለፉት አጭሩ 30፣ ረጅሙ 34 ስለነበር እንቁላሉ ይወጣል ተብሎ የሚገመተው ከ16ኛው እስከ 20ኛው ቀን፣ ማለትም ከጥር 27 እስከ የካቲት 1 ባለው ጊዜ ነው። ባለቤትሽ ሁለት ጊዜ ብቻ መምጣት የሚችል ከሆነ አንዱን ጥር 26፣ ሌላውን ጥር 29 አድርጉት። እንቁላሉ ጥር 27 ወይም 28 ቢወጣ የጥር 26ቱ አንድ ወይም ሁለት ቀን ቀድሞ ገብቷል። ጥር 29 ቢወጣ በዕለቱ ነው። ጥር 30 ወይም የካቲት 1 ቢወጣ ደግሞ የጥር 29ኙ አንድ ወይም ሁለት ቀን ቀድሟል። የትኛውም ቀን ቢሆን ከምርጦቹ ቀኖች አንዱ ላይ ይወድቃል። ፈቃድ አግኝቶ መቆየት ከቻለ ደግሞ ጥር 26፣ 28 እና 30 ከሁሉ ይሻላል።

ከነዚህ አንዱ ረቡዕ ወይም አርብ ላይ ቢውል አንድ ቀን አስቀድሙት እንጂ አታዘግዩት። ቀድሞ የገባ ዘር ይጠብቃል፣ የዘገየ ግን የሚያገኘው የለም። በሳምንት ሁለት ቀን መጾም ብቻውን እርግዝናን አይከለክልም፤ በሁለቱ መካከል ሐሙስ አለ፣ ከአርብ በኋላም እስከ ማክሰኞ ነፃ ቀን አለ። ዐቢይ ጾም ግን 55 ቀን ስለሆነ በሙሉ ለምትታቀቡ አንድ ወይም ሁለት ዑደት ይወስዳል። በደንቡ ዐቢይ ጾም ከየካቲት 1 በፊት ስለማይገባ የዚህ ወር ቀኖችሽ ከሞላ ጎደል ከእሱ በፊት ናቸው። ጾመ ነነዌ ግን ከጥር 17 ጀምሮ ልትገባ ስለምትችል የዘንድሮዋን አይታችሁ አስሉ። የተታቀባችሁበትን ወር «ሞክረን አልሆነም» ከምትሉት ወር ጋር አትደምሩት።

በጣት መቁጠር ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ፤ የኛ ወር 30 ቀን መሆኑ ሥራውን ያቀላል፣ ከነሐሴ ወደ መስከረም ስትሻገሪ ግን የጳጉሜን 5 ወይም 6 ቀን መደመር አትርሺ። በስልክ መተግበሪያ የምትመዘግቢ ከሆነም ቀኑን በፈረንጅ አቆጣጠር ቀይረሽ አስገቢ፤ ጥር 12ን እንዳለ ብታስገቢው ሁሉም ይዛባል።

ስሌት ግን ያለፈውን አይቶ የሚመጣውን መገመት ነው። በዚህ ወር ሰውነትሽ ምን እያደረገ እንዳለ የሚነግርሽ ራሱ የማህፀን በር ፈሳሽ ነው፤ ገንዘብም አይጠይቅም። ከጥር 20 ጀምሮ ሽንት ቤት በሄድሽ ቁጥር፣ ከመሽናትሽ በፊት፣ በንጹሕ ሶፍት ከፊት ወደ ኋላ ጠርገሽ እዪ። ከዚያ በአውራ ጣትና በሌባ ጣትሽ መካከል ይዘሽ ቀስ ብለሽ ክፈቺ። ምንም ከሌለ ወይም እንደ ሙጫ ተጣብቆ ቶሎ ከተበጠሰ ገና ነው። ነጣ ያለ ክሬም መሳይ ከሆነ እየተቃረበ ነው። ጥርት ያለ፣ የሚያሟልጭ፣ እንደ ጥሬ የዶሮ እንቁላል ነጩ ክፍል ሳይበጠስ ጥቂት ሴንቲ ሜትር የሚለጠጥ ከሆነ በሩ ተከፍቷል፤ ያን ዕለት ደውዪለት። የሚያሟልጨው የታየበት የመጨረሻ ቀን በአብዛኛው ከእንቁላሉ መውጣት ጋር በአንድ ቀን ልዩነት ውስጥ ነው። የመጨረሻ መሆኑን የምታውቂው ግን በማግስቱ ሲደርቅ ስለሆነ እሱን አትጠብቂ፤ መለጠጥ ሲጀምር ነው ጊዜው።

አንዳንድ ነገር ያሳስታል። ግንኙነት ባደረግሽ ማግስት የሚፈሰው የወንዱ ፈሳሽ ስለሚቀላቀል ምልክቱ አይታመንም። ሽታ ያለው፣ እንደ እርጎ የተቋጠረ፣ የሚያሳክክ ወይም አረንጓዴ ፈሳሽ ደግሞ የኢንፌክሽን ምልክት ነውና ጤና ጣቢያ ሄደሽ ታከሚ።

ከመድኃኒት ቤት የእንቁላል መውጫ መመርመሪያ ወረቀት ካገኘሽ ለእንደ እናንተ ያለ በርቀት ለሚኖር ጥንድ በጣም ይጠቅማል። እንቁላሉን ከከረጢቱ የሚያስወጣው ኤልኤች የሚባል ሆርሞን ነው፤ ወረቀቱ የሚለካው የእሱን በድንገት መጨመር በሽንት ውስጥ ነው። ወረቀቱ ካሳየ እንቁላሉ አብዛኛውን ጊዜ ከ24 እስከ 36 ሰዓት ውስጥ ይወጣል። በጥር 24 ጀምሪ፤ በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት፣ ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ባለው ጊዜ መርምሪ። ከዚያ በፊት ባለው ሁለት ሰዓት ውስጥ ውኃም ሆነ ጠላ አታብዢ፤ ሽንቱ ከቀጠነ ሆርሞኑ አይታይም። የመመርመሪያው መስመር እንደ መቆጣጠሪያው መስመር ወይም ከእሱ በላይ ሲደምቅ ነው አለ የሚባለው። ፈዘዝ ያለ መስመር ገና ነው ማለት ነው፤ ይህ ከእርግዝና ምርመራ ስለሚለይ ብዙዎች ይሳሳቱበታል። ማታ ቢያሳይሽ ባለቤትሽ በማግስቱ ተነሥቶ ከሰዓት ቢገባ ይደርሳል፤ ያንን ሌሊትና የሚቀጥለውን ተጠቀሙበት። ወረቀቱ ቀን በቀን ለሳምንት ሙሉ «አለ» እያለ ከቀጠለ ግን አትመኚው፤ ኦቫሪያቸው ላይ ብዙ ጥቃቅን ከረጢት ያለባቸው ሴቶች እንዲህ ያጋጥማቸዋል፣ ሐኪም ሊያይሽ ይገባል።

ጠዋት ጠዋት የሰውነት ሙቀት መለካትን ብዙዎች ይመክራሉ። ሙቀቱ ከ0.2 እስከ 0.5 ዲግሪ ከፍ የሚለው ግን በፕሮጄስትሮን ምክንያት፣ እንቁላሉ ከወጣ በኋላ ነው። እንቁላል መውጣቱን ለማረጋገጥ ይረዳል። ባለቤትሽን ለመጥራት ግን አይሆንሽም፤ ሙቀቱ ሲጨምር አልፏል።

በግንኙነቱ ጊዜ ቫዝሊን፣ ዘይት ወይም ምራቅ ለማለስለሻ አትጠቀሙ፤ የዘሩን እንቅስቃሴ ሊያዳክሙ ይችላሉ። በኋላም ውስጥሽን በውኃ ወይም በሳሙና አትታጠቢ። ስትነሺ የሚፈሰው አያስጨንቅሽ፤ የሚገባው በደቂቃዎች ውስጥ ገብቷል።

አንቺ ገና 27 ዓመትሽ ስለሆነ፣ በእነዚህ ቀኖች በትክክል እየተገናኛችሁ አንድ ዓመት ሳይሆን ከቀረ ምርመራ ይጀመራል። ዕድሜዋ 35 ለሞላት ስድስት ወር ይበቃል። ዑደትሽ ከ35 ቀን በላይ መርዘም ወይም ከ21 በታች ማጠር ከጀመረ፣ ወይም ከዚህ በፊት የማህፀን ኢንፌክሽን ይዞሽ ከነበረ ዓመት አትጠብቂ። ስትሄጂ የወር አበባሽን ቀኖች ልክ እዚህ እንደጻፍሽው ጽፈሽ ያዢ፤ ለሐኪሙ ከብዙ ምርመራ ይበልጥ ይነግረዋል። ባለቤትሽም አብሮሽ ይሂድ፤ ከሚቸገሩት ጥንዶች በግማሽ ያህሉ ምክንያቱ በከፊልም ሆነ በሙሉ ከወንዱ በኩል ነው፤ የእሱ ምርመራ ደግሞ ካንቺው የሚቀል ነው። ዘሩን ከመስጠቱ በፊት ከሁለት ቀን ያላነሰ፣ ከሰባት ቀን ያልበለጠ ይታቀብ። ቤት ውስጥ የሚሰጥ ከሆነም ላቦራቶሪው ባዘዘው ንጹሕ ዕቃ አድርጎ፣ ከሰውነቱ ጋር አስጠግቶ ሙቀቱን ጠብቆ፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ያድርሰው፤ ከዚያ ከዘገየ ውጤቱ ጤነኛውን ዘር ደካማ አስመስሎ ያሳያል።